የጣርማ በሩ ስላይድ በጆሮ እንዴት ይነበብ?

የሰሜን ሸዋ መምህራን በሚበዙበት የውይይት መድረካችን ላይ ሰሞኑን አንድ ክር ረዝሞ ሄደ። መሃል ላይ የገባው ሰው ብዙ ስለሆነ ነገሩ ከየት እንደተነሣ ደጋግሞ የሚጠይቅ አልጠፋም። መድረኩን ከሚጠብቁት አንዱ ስለሆንኩ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ስም አልጠራም። የምላሾቹን ቁጥር ግን ይዣለሁ።

ክሩን የከፈተው ደብረ ብርሃን ላይ ጂኦግራፊ የሚያስተምር መምህር ነው። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ አለች። ላፕቶፕ አላት፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብላት ስክሪን ሪደር NVDA ነው። መምህሩ የምዕራፉን ስላይዶች በፍላሽ ገልብጦ ሰጣት። በማግስቱ መጥታ ፋይሉ ባዶ ነው አለችው። ባዶ እንኳ አይደለም፤ አርባ ምናምን ስላይድ አለው። ችግሩ አብዛኛው ከመጽሐፍ ላይ በስልክ ተነሥቶ የተለጠፈ ፎቶ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ርዕሱን ያነብላትና ቀጥሎ «Picture 7» ብሎ ዝም ይላል።

መምህሩ ስላይዶቹን ወደ ወርድ ኖት ሊቀይር ተነሣ። ጽሑፉን መተየብ ጊዜ ይፈጅ እንጂ አልከበደውም። እጁን የያዘው ስላይድ 14 ነው። ይህ ስላይድ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ምድር እንደ ዳቦ ቆርጦ ከጎን ያሳያል። ግራ ጫፍ ላይ ደብረ ብርሃን፣ 2,840 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። መስመሩ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርድና ቀኝ ጫፍ ላይ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ያርፋል። ደጋው አረንጓዴ፣ ወይና ደጋው ቢጫ፣ ቆላው ቀይ ተቀብቷል። ከጣርማ በር በስተግራ በረሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ በጀማም ወደ አባይ ይሄዳል። በስተቀኝ ሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከቀኝ በኩል ዳገቱን የምትወጣ ሰማያዊ ቀስትና ጫፏ ላይ ደመና አለ። ጥያቄው ይህን ሁሉ ለምታዳምጥ ሰው እንዴት አድርጌ ልጻፈው የሚል ነበር።

1ኛው ምላሽ ከምርቃት ጋር መጣ። ጎበዝ ጓደኛ ይመደብላትና ያንብብላት የሚል ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ልጅቷ ፈተና ሲደርስ በሌሊት ብቻዋን ማጥናት ትፈልግ ይሆናል ብሎ ያሰበ አይመስልም።

2ኛው ጥያቄውን ሳያነብ መልስ የሰጠ ሰው ነው። ፊደሉን ወደ 32 አሳድገው፣ መደቡን ጥቁር፣ ጽሑፉን ቢጫ አድርገው ብሎ በዝርዝር አስረዳ። እይታው ለደከመ ተማሪ ጥሩ ምክር ነው። መምህሩ በ3ኛው ላይ አመስግኖ፣ ተማሪዋ ጭራሽ እንደማታይ በትሕትና አስታወሰው።

4ኛው ላይ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ገባ። መተየብ ምን ያደርጋል፣ ፓወርፖይንት ራሱ ጽሑፉን ያወጣልሃል አለ። Save As ገብተህ Outline/RTF የሚለውን ምረጥ፣ በአንድ ደቂቃ ወርድ ላይ ታገኘዋለህ የሚል ነበር። ብዙ ሰው ወደደለት።

5ኛው ምላሽ ክሩን የቀየረው ነው። የጻፈው አጣዬ ላይ ሥነ ዜጋ የሚያስተምር፣ ራሱም ዓይነ ስውር የሆነ፣ NVDAን ለዓመታት የተጠቀመ መምህር ነው። የ4ኛው ምክር ግማሹ ልክ እንደሆነ አልካደም። በዚያ መንገድ የሚወጣው ግን የስላይዱ አብነት ባዘጋጀው የርዕስና የዝርዝር ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ብቻ ነው። መምህሩ በራሱ Text Box ከፍቶ የጻፈው፣ ቅርጽ ውስጥ ያስገባው፣ ሥዕል ላይ የለጠፈው ስም ሁሉ ይቀራል። ከባዱ ነገር ፋይሉ ሲከፈት ሙሉ መምሰሉ ነው። የጎደለውን ማን ያውቃል? የሚያይ ሰው ከስላይዱ ጋር ካላስተያየ በቀር አይታወቅም። ስለዚህ አስቀድሞ Outline View ተከፍቶ እንዲታይ መከረ። እዚያ ያልታየ ጽሑፍ ወደ ወርድም አይሻገርም።

ይኸው ሰው ስለ ንባብ ቅደም ተከተልም ጥቂት አለ። ስላይዱ እንዳለ ቢሰጣት እንኳ ስክሪን ሪደሩ ሳጥኖቹን የሚያነበው በዓይን በምናይበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በተደራረቡበት ነው። Alt+F10 ሲጫኑ የሚመጣው ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ይነበባል። መጨረሻ የጨመርከው ሳጥን ስላይዱ አናት ላይ ቢቀመጥም መጨረሻ ይነበባል። ስላይድ 14 ላይ የቦታ ስሞቹ በተለጠፉበት ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን ቀድሞ፣ ጣርማ በር ደግሞ መጨረሻ ሊመጣ ይችላል። ልጅቷ ይህን ሰምታ ምን ዓይነት ተራራ በሐሳቧ ትሥላለች?

6ኛዋ ደብረ ሲና ላይ የጽሕፈት ቤት ያላት ሴት ናት። ለመምህራን ኖት የምትተይብ እሷ ነች። የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ዓይነ ስውር ደንበኛ የተየበችለትን ፋይል መልሶ፣ ማሽኑ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ያነብልኛል ብሏታል። እሷ ስክሪኑ ላይ የምታየው ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ማን ልክ እንደሆነ ጠየቀች።

7ኛው፣ ያው የአይሲቲ ባለሙያ፣ ፎንቱ ነው ችግሩ፣ ሙሉውን መርጠሽ ወደ ኒያላ ቀይሪው አላት። እሷም ሞከረች። አማርኛው በሙሉ በዓይኗ ፊት ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተበታተነ። የጻፈችው መልእክት ድንጋጤ ነበረበት።

የአጣዬው መምህር በ8ኛው ላይ እንዲህ ፈታው። ስክሪን ሪደር ፊደልን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በውስጡ ባለው ኮድ ነው። የጥንቶቹ የግእዝ ፎንቶች፣ እንደ ቪዥዋል ግእዝና የቀድሞው ፓወር ግእዝ ያሉት፣ በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቦታ ላይ የአማርኛ መልክ የሚያለብሱ ናቸው። ዓይን «ሀ» ያያል፤ ማሽኑ ግን ከሥር ያለውን ሌላ ምልክት ያነባል። ግእዝ የዓለም ፊደሎች የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ብዙ ጽሕፈት ቤት በለመደው ፎንት ቀጥሏል። ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር መፈተሻ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ጽሑፉ ከተበታተነ አሮጌው ኮድ ነው ማለት ነው። የፎንቱን ለውጥ በUndo መልሺውና ጽሑፉን ወይ በመቀየሪያ ፕሮግራም አሳልፊው፣ ወይ እንደ አዲስ በዩኒኮድ ተይቢው አላት። ደግሞም NVDA ውስጥ ካሉት የeSpeak ድምፆች አማርኛው ካልተመረጠ ትክክለኛው ጽሑፍም ቢሆን በደንብ አይነበብም። ድምፁ እንደ ሮቦት ነው፤ የለመደው ሰው ግን በፍጥነት ይሰማዋል።

እኔን ካላችሁኝ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ ላለበት የጽሕፈት ቤት ሰው 8ኛው ይበቃዋል።

9ኛው ላይ የደብረ ብርሃኑ መምህር የመጀመሪያ ሙከራውን አመጣ። ሥዕሉን ወርድ ላይ ለጥፎ፣ ስክሪን ሪደር ሥዕሉ ላይ ሲደርስ የሚያነበው Alt Text የሚለው ሳጥን ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፏል። አጀማመሩ ሥዕሉ በጣም የሚያምር፣ ሦስት ቀለም ያለው ተራራ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥሎ በግራ በኩል ደብረ ብርሃን አለ፤ መሃል ላይ ጣርማ በር አለ፤ አጠገቡ ደብረ ሲና አለ፤ አየር ይወጣል፤ ደመና አለ እያለ ይሄዳል። ትጋቱ ይመሰገናል።

10ኛው ላይ የአጣዬው መምህር አልራራለትም። Alt Text በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ነገር ነው። ቁጥር ያመለጠው ሰው መስመር በመስመር ተመልሶ ማዳመጥ አይመቸውም፤ ከአናቱ እንደገና መስማት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ እዚያ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀመጥ፦ ሥዕሉ ምን እንደሆነና ዝርዝሩ ከሥሩ እንዳለ። ረጅሙ መግለጫ በተራ ጽሑፍ፣ ኖቱ ውስጥ ይሁን። ሥዕሉም In Line with Text ተብሎ ከጽሑፉ መስመር ጋር ይታሰር፤ በገጹ ላይ ተንሳፋፊ ከሆነ ስክሪን ሪደሩ ዘሎት ሊያልፍ ይችላል።

ስለ ይዘቱም ተናገረ። ማማሩን ተወው አለ። «አለ፣ አለ» የሚል ዝርዝር ቦታ አይሰጥም። መጀመሪያ አጠቃላዩን ንገራት፦ ይህ የምድር ቅርጽ ከጎን ሲታይ ነው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ አራት ቦታዎች አሉት። አራት መሆናቸውን ቀድማ ካወቀች ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አንድ እንደቀራት ታውቃለች። ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምረህ ሳትዘል ሂድ። ግራና ቀኝ ከማለት ምዕራብና ምሥራቅ በል፤ ግራ የወረቀቱ ነው፣ ምዕራብ ግን የምድሩ ነው። ቀለሙን በተመለከተ አንዴ መጥቀስ ይበቃል። አረንጓዴነት በራሱ ምንም አይነግራትም። አንተ ክፍል ውስጥ አረንጓዴው ጋ እያልክ የምታስተምር ከሆነ ግን የቱ እንደሆነ ማወቅ አለባት።

11ኛው ምላሽ ሌላ በር ከፈተ። የጻፉት አንኮበር ያሉ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቋንቋቸው ለስላሳ ነው፤ የያዙት ነገር ግን ከባድ ነው። ስለ ስክሪን ሪደር እንደማያውቁ አስቀድመው ተናግረው፣ ያቺ ሰማያዊ ቀስት የየትኛው ወቅት ነፋስ ናት ብለው ጠየቁ። ከምሥራቅ ተነሥቶ ገደሉን የሚወጣ እርጥብ አየር የበልግ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው። የክረምቱ ዝናብ ዋና ምንጭ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው አየር ነው። በእኛ አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ገበሬ በልጉን ስለሚዘራበት ልዩነቱን ሕፃኑም ያውቀዋል። ስላይዱ ግን አይናገርም። አየር ይወጣል ብሎ መጻፍ ቀስትን መግለጽ አይደለም፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ምን እንደሚሸከምና መቼ እንደሆነ መባል አለበት።

መምህሩ በ12ኛው ላይ ቀስቷ ከመጽሐፉ ፎቶ ጋር አብራ የመጣች እንደሆነች ጻፈ። ከሥሯ ጽሑፍ የለም። እሱም ክፍል ውስጥ ጠቋሚውን አሳይቶ ያልፋት ነበር፤ የሚያዩት ተማሪዎችም ጠይቀውት አያውቁም። ይህ ለእኔ የክሩ ጥሩ ቦታ ነው። አርባ ተማሪ በየዓመቱ ያያትን ቀስት ምንነት ለመጠየቅ የማታያት ተማሪ መምጣት ነበረባት።

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። 13ኛውን የጻፈው ሸዋ ሮቢት ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው። አነጋገሩ ደፈር ይላል። ሌሎቹ ተማሪዎች ሥዕሉን አይተው ራሳቸው ይፈቱታል፤ ለእሷ ግን መምህሩ እያብራራ ይጽፍላታል፤ ይህ ለአንዷ መልሱን መስጠት ነው አለ። ፈተና ላይ ሸዋ ሮቢት ለምን ይሞቃል ተብሎ ቢጠየቅ የእሷ ኖት መልሱን ይዞት ቁጭ ብሏል ሲል ተከራከረ። ለነገሩ ለምን እንደሚሞቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እዚያው ነው የሚኖረው።

የአጣዬው መምህር በ14ኛው ላይ የመለሰው ቁጣ ነበረበት። እሱ ሲማር የፊዚክስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጠቆመ «ይኼ ከዚህ ጋር ሲገናኝ» እያለ ዓመቱን እንደጨረሰ፣ ያኔ ስለ እኩልነት የተጨነቀ ሰው እንዳልነበረ ጻፈ። የፊዚክሱ ሰው ደግሞ እኔ ያንን መምህር አይደለሁም ብሎ እዚያው ሥር መለሰ። ለትንሽ ጊዜ ክሩን ልዘጋው እጄን አንሥቼ ነበር።

15ኛዋ አረጋጋችው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ነች፤ የፊዚክሱን ሰው ጥያቄ እንደ ክፋት አልወሰደችውም። መለኪያው ሥዕሉ የሚያሳየውን መጻፍ፣ ሥዕሉ ለተማሪው ጭንቅላት የተወውን መተው ነው አለች። በምሳሌም አሳየችው። ስላይዱ ላይ 2,840 እና 1,280 ተጽፏል፤ ስለዚህ ሁለቱም መግለጫው ውስጥ ይገባሉ። ልዩነቱ 1,560 ሜትር መሆኑ አልተጻፈም፤ ስለዚህ አይገባም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ እንደሚቀንስ መምህሩ በሌላ ስላይድ አስተምሯል፤ እሱም እዚህ አይደገም። ተማሪዋ እንደማንኛውም ተማሪ ቀንሳ፣ አባዝታ፣ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ትድረስ። መምህሩ የራሱን ማብራሪያ መጨመር ከፈለገ የመምህሩ ማስታወሻ በሚል ለብቻው ያድርገውና ለሁሉም ተማሪ ያድለው።

በዚህ መሠረት የቀስቷም ነገር መላ አገኘ። መግለጫው ቀስቷ ከምሥራቅ ቆላ ተነሥታ ጣርማ በር ላይ ደመና ጋ እንደምታበቃና ወቅቱ እንዳልተጻፈ ይናገራል። የበልግ መሆኑ የመምህሩ ማስታወሻ ውስጥ ይገባል። የፊዚክሱ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። አንድ ሰው ሥዕል ሲያይ ምን ቀድሞ እንደሚያይ ማንም አይወስንለትም፤ መግለጫ ግን ቅደም ተከተሉን ይወስናል፤ ቅደም ተከተል ደግሞ ራሱ ፍንጭ ነው አለ። ለዚህ የመለሰለት የለም። እኔም መልስ የለኝም።

ከ16 እስከ 18 ያለው ስለ ጣርማ በር ጉም ነው። አንዱ ዋሻው አፍ ላይ መኪና ቆሞበት ያደረበትን ቀን አወራ። ሌላው የደብረ ብርሃን ብርድ ይብሳል አለ። ሦስተኛው ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ የተተከለው በከንቱ አይደለም ብሎ ቀለደ። አላጠፋሁትም፤ ከ14ኛው በኋላ ሰው መተንፈስ ነበረበት።

19ኛው ላይ መምህሩ ሁለተኛውን ጽሑፍ ይዞ መጣ። አሁን አጀማመሩ ሥዕሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ የምድር ገጽታ እንደሆነና አራት ቦታዎች፣ ሦስት የአየር ንብረት ቀጠናዎች፣ ሁለት ወንዞችና አንዲት ቀስት እንዳሉት ይናገራል። ከዚያ መስመሩን ይከተላል። ለመፈተንም ብልህ ነገር አድርጓል። ስላይዱን አይቶ ለማያውቅ የሒሳብ መምህር ጓደኛው ጽሑፉን ብቻ ሰጠና እስቲ ሣለው አለው። ጓደኛውም ሣለ። ሥዕሉ ላይ ደብረ ሲና ከጣርማ በር በስተምዕራብ፣ አናቱ ላይ ከሞላ ጎደል በእኩል ከፍታ ተቀምጣለች። ለምን ቢባል ከመጀመሪያው ጽሑፍ «አጠገቡ» የምትለው ቃል ሳትታረም ቀርታ ነበር። ቃሏ ወጥታ፣ ደብረ ሲና ከጣርማ በር በስተምሥራቅ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከእሱ ዝቅ ብላ ትገኛለች በሚል ተተካች። ሌላ ሰው ሲሥለው ትክክል ወጣ።

20ኛው የአጣዬው መምህር ነው፤ በዚህኛው ጽሑፍ ደስ ብሎታል። የቀረው አቀማመጡ ነው አለ። እያንዳንዱ ስላይድ በወርድ ላይ Heading 2 ሆኖ ከነቁጥሩ ይጻፍ። ፊደሉን ማወፈርና ማሳደግ ርዕስ አያደርገውም፤ ከStyles ውስጥ መመረጥ አለበት። ያኔ NVDA+Space ተጭና H ስትመታ ከርዕስ ወደ ርዕስ ትዘላለች። መምህሩ ክፍል ውስጥ ስላይድ 14ን ተመልከቱ ሲል እሷም ከሌሎቹ እኩል ትደርሳለች። የሥዕሉ መግለጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበትም ይነገር። የሚያዳምጥ ሰው ከሥዕሉ ወጥቶ ወደ ተራው ትምህርት መመለሱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። ለጌጥ የገቡ ፎቶዎች ደግሞ ይውጡ። ከአርባ ምናምኑ ስላይድ ብዙው ላይ ያለው የላሊበላና የዋልያ ፎቶ ከትምህርቱ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ እሱን ሲገልጹ ማምሸት ጊዜ ማባከን ነው።

21ኛው ከኮምፒውተር ይልቅ በስልክ የሚያጠና እይታው የደከመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። መምህሩ አራቱን ቦታዎች፣ ከፍታቸውንና ቀጠናቸውን በሠንጠረዥ ማስቀመጡን አልወደደውም። ስልክ ላይ ሠንጠረዥ ውስጥ መጥፋት ቀላል ነው አለ። በላፕቶፕ Ctrl, Alt እና ቀስቶቹን ይዞ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ መሄድ ይቻላል፤ ራስጌው በትክክል ከተለየና የተዋሐደ ሕዋስ ከሌለ ደግሞ የዓምዱ ስም አብሮ ይነበባል። በስልክ ግን ዝርዝር ይሻላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መምህሩ ተማሪዋ ላፕቶፕ ስለምትጠቀም ሠንጠረዡን እንዳለ ተወው። ነገ ሌላ ተማሪ ቢመጣ እንደገና ይታሰባል።

22ኛዋ እናት ናት፤ የምታወራው ስለ ራሷ ልጅ ነው። ልጇ ከልደቱ ጀምሮ አያይም። ቁልቁለት ማለት በቃል ቢነገረውም አልገባው ብሎ፣ ካርቶን ላይ የጆንያ ክር በሙጫ አጣብቃ በጣቱ አስከተለችው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ገባው። የልዩ ፍላጎት ባለሙያዋ እዚያው ሥር ደገፈቻት፤ የጆንያው ክር ቅርጹን ይነግራል፣ ቁጥሩንና ስሙን ግን አይነግርም፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሂዱ አለች። ካርቶኑ ላይ ከአንድ መስመር በላይ እንዳይጣበቅ አስጠነቀቀች፤ ወንዙም ቀስቱም ክር ከሆነ ጣት መለየት ያቅተዋል።

የአንኮበሩ ጡረተኛ በ23ኛው ተመለሱ። በካርቶኑ ደስ ብሏቸው፣ አንድ ስጋት ግን ጨመሩ። ሥዕሉ ላይ ገደሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሏል። በመኪና መንገድ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከፍታ ልዩነታቸው ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል። ሠዓሊው እንዲታይ ብሎ ወደ ላይ ለጥጦታል። የሚያየው ተማሪ መንገዱን በአውቶቡስ ስለሄደበት ያርመዋል፤ በክር ዳስሶ ብቻ ያወቀው ልጅ ግን ገደል ብቻ ይመስለዋል። ከፍታው ከርቀቱ በላይ ተጋንኖ ተሥሏል የሚል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትግባ አሉ። የፊዚክሱ ሰው በዚህ ተስማማ፤ በክሩ ሁሉ የተስማማበት ይህ ብቻ ነው።

በ24ኛው ላይ መምህሩ ተማሪዋ ኖቱን ወስዳ እንዳነበበችው ነገረን። ጥያቄ ጠይቋታል፦ ከጣርማ በር ትንሽ ወደ ምሥራቅ የዘነበ ዝናብ የት ይሄዳል? በሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ ብላ ወዲያው መለሰች። በምዕራብ በኩል የዘነበውስ ሲላት በረሳን፣ ጀማንና አባይን በቅደም ተከተል ጠራች። አንድ ነገር ግን አስቸግሯታል። የመምህሩ ማስታወሻ ከሥዕሉ መግለጫ ቀድሞ ስለገባ ስለየትኛው ቀስት እንደሚወራ አልገባትም ነበር። ቦታቸው ተቀያየረ። ሌሎቹ ተማሪዎች ኖቱን አይተው ለእነሱም እንዲደርሳቸው ጠይቀዋል፤ አባዝቶ ሰጥቷቸዋል።

25ኛዋ የደብረ ሲናዋ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ናት። ከመምህራን እንዲህ ያለ ሥራ መምጣት ጀምሯል፤ ዋጋውን በገጽ ልቁረጠው ወይስ በሥዕል ብላ ጠየቀች። አንድ ገጽ ተራ ጽሑፍ ቶሎ ታወጣለች፤ እንደ ስላይድ 14 ያለ ግን መምህሩን ደውላ ሳትጠይቅ አያልቅም። 26ኛው በገጽ አድርጊው፣ እንዳይወደድ አላት። የአጣዬው መምህር በ27ኛው ላይ በሥዕል ይሁን አለ፤ በገጽ ከተከፈለ ሰው መግለጫውን ያስረዝማል፣ ያንን ደግሞ የሚያዳምጠው እሱ ነው። መግለጫውን ራሱ መምህሩ ጽፎ እሷ ብትተይበው እንደሚሻል የልዩ ፍላጎት ባለሙያዋ ጨመረች፤ ምክንያቱም ቀስቷ የምን እንደሆነች ታይፒስቷ ከየት ታውቃለች? ዋጋው ገና አልተቆረጠም። ክሩም ክፍት ነው፤ መምህሩ ስላይድ 22ን፣ የሕዝብ ብዛት ፒራሚዱን፣ ዛሬ ጠዋት ለጥፎታል።